«ስለ መዘግየቱ ይቅርታ እንጠይቃለን፤ ነገር ግን…»፦ ከሻጭ የሚመጣ የትሕትና ደብዳቤ እንዴት ይነበባል?



በስልክ ያዘዙት ዕቃ በተባለው ቀን ሳይመጣ ቀረ እንበል። ደወሉ፣ ጠበቁ፣ እንደገና ደወሉ። በመጨረሻ ልጅዎ ወይም የልጅ ልጅዎ «ዕቃው አልደረሰኝም፣ ገንዘቤ ይመለስልኝ» የሚል መልእክት ጻፈልዎት። ከጥቂት ቀን በኋላ መልስ መጣ። መልሱ ቁጣም ስድብም የለበትም። «ውድ ደንበኛችን» ብሎ ይጀምራል፣ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ስለ ትዕግሥትዎ ያመሰግናል። አንብበው ሲጨርሱ ግን ገንዘቡ የለም።

ወደ ሪቫሓ ቢሮአችን እንዲህ ያለ ደብዳቤ ይዘው የሚመጡ አሉ። ብዙ ጊዜ ደብዳቤው ከመጣ ሳምንታት አልፈውታል። ለምን ቶሎ አላመጡትም ብለን ስንጠይቅ ሁለት ምክንያት እንሰማለን። አንደኛው፣ «ይቅርታ የጠየቀን ሰው መልሶ መጨቅጨቅ ነውር ነው» የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ልጆቹ ደብዳቤውን በችኮላ አይተው «አይቻልም ብለዋል» በሚል አንድ ቃል ስለሚተረጉሙት ነው። ደብዳቤው ግን አንድ ቃል አይደለም። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር የራሱ ሥራ አለው፤ አንዳንዱም ለእርስዎ የሚጠቅም ነው። ስለዚህ ዛሬ አንድ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ወስደን መስመር በመስመር እናነባለን። ከዚያ በኋላ እንደነሱው በትሕትና፣ እንደነሱው ጠንከር ብለን መልስ እንጽፋለን።

ምሳሌያችን

ምሳሌ እንዲሆነን አንዲት የ71 ዓመት እናት እንውሰድ። እሑድ በ5/1 የልብስ ማጠቢያ ማሽን በስልክ አዘዙ። ዋጋው 2,400 ሼቄል ነው፤ በክሬዲት ካርድ በ6 ክፍያ፣ በየወሩ 400 ሼቄል። ሻጩ በላከላቸው የሃዝማና ወረቀት ላይ «ዕቃው በ14 የሥራ ቀን ውስጥ ይደርሳል» ተብሎ ተጽፏል።

ማሽኑ አልመጣም። እሑድ በ9/2 የልጅ ልጃቸው በኢሜይል እንዲህ ሲል ጻፈላቸው፦ «ማሽኑ የት ደረሰ? አያቴ በእጃቸው እያጠቡ ነው። ማምጣት ካልቻላችሁ ገንዘቡን መልሱ።» ረቡዕ በ12/2 መልስ መጣ። በአማርኛ ሲነበብ እንዲህ ይላል፦

«ውድ ደንበኛችን፣ ስለ መልእክትዎ እናመሰግናለን። ዕቃዎ በመዘግየቱ ለደረሰብዎ መጉላላት ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን። መዘግየቱ የመጣው ከአስመጪው ሲሆን ከእኛ ቁጥጥር ውጪ ነው። በሃዝማናው ላይ ያለው የማድረሻ ጊዜ ግምት መሆኑን ለማስታወስ እንወዳለን። ሃዝማናውን መሰረዝ ከፈለጉ በደንባችን መሠረት 5 በመቶ የስረዛ ክፍያና 150 ሼቄል የማጓጓዣ ክፍያ ይቀነሳል። ቀሪው በመደብራችን ዕቃ ሊገዙበት የሚችሉት ዚኩይ ሆኖ ይሰጥዎታል። በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ዕቃውን ለማድረስ የተቻለንን እናደርጋለን። ከአክብሮት ጋር፣ የደንበኞች አገልግሎት።»

አሁን ከላይ ጀምረን እንየው።

«ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን»

ይቅርታው መልካም ነው፤ በመልካም ተቀበሉት። በሰፈራችን ይቅርታ ሲባል ነገር ያልቃል፤ ሽማግሌ ገብቶ ይታረቃል። በንግድ ደብዳቤ ላይ ግን ይቅርታ ነገሩን አይዘጋም። ይቅርታውን ተቀብለው ገንዘብዎን ቢጠይቁ ማንንም አልበደሉም።

ከዚህም በላይ ይህ ዓረፍተ ነገር ለእርስዎ ማስረጃ ነው። ሻጩ «ዕቃዎ በመዘግየቱ» ብሎ በጽሑፍ አምኗል። ከዚህ በኋላ «አልዘገየም» ቢል ደብዳቤው ይመሰክርበታል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንደሚባለው፣ ይህን ደብዳቤ አይጣሉት።

«መዘግየቱ የመጣው ከአስመጪው ነው»

እውነት ሊሆን ይችላል። ዕቃው ወደብ ላይ ቆሞ ይሆናል፣ መጋዘን ውስጥ ጠፍቶ ይሆናል። ነገር ግን እኒህ እናት ከአስመጪው ጋር አልተዋዋሉም። ካርዳቸውን የሰጡት ለሻጩ ነው፤ ቀኑን የነገራቸውም ሻጩ ነው። ሻጩ ከአስመጪው ጋር ያለውን ጉዳይ ለብቻው ይጨርስ። ስለዚህ ይህ ዓረፍተ ነገር ለምን እንደዘገየ ያስረዳል እንጂ ገንዘቡ የማይመለስበትን ምክንያት አይናገርም።

«የማድረሻ ጊዜው ግምት ነው»

እዚህ ላይ ደብዳቤውን ትተን ወደ ሃዝማናው ወረቀት እንመለሳለን። ጥያቄው አሁን ምን አሉ ሳይሆን ያኔ ምን ጻፉ ነው። በሃዝማናው ላይ «በ14 የሥራ ቀን ውስጥ» ተብሎ ከተጻፈ ያ ቀጠሮ ነው። በስልክ የሚሸጥ ነጋዴ ዕቃው መቼና እንዴት እንደሚደርስ አስቀድሞ ለገዢው የመንገር ግዴታ አለበት።

ከዚያ ቀኑን በትክክል እንቁጠር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የሥራ ቀን በዕብራይስጥ «የሜይ አሳኪም» ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ከእሑድ እስከ ሐሙስ ያለው ነው የሚቆጠረው፤ ዓርብ፣ ሰንበትና በዓላት አይቆጠሩም። እሑድ በ5/1 የታዘዘውን ከማግስቱ ከሰኞ ስንጀምር፣ በመጀመሪያው ሳምንት 4 ቀን፣ በሁለተኛው 5፣ በሦስተኛው 5 ይሆናል። ድምሩ 14 ነው። የመጨረሻው ቀን ሐሙስ 23/1 ነበር ማለት ነው። መልእክቱ የተጻፈው በ9/2 ስለሆነ ቀጠሮው ካለፈ ከሁለት ሳምንት በላይ ሆኗል።

ሃዝማናው በበዓላት ወቅት፣ ለምሳሌ በሮሽ ሃሻናና በሱኮት መካከል ቢሆን ኖሮ ግን፣ እነዚያው 14 የሥራ ቀናት አንድ ወር ገደማ ሊወስዱ ይችሉ ነበር። ስለዚህ ከመጻፍዎ በፊት የግድግዳ ካሌንደር አውርደው በጣትዎ ይቁጠሩ። ቀኑ ገና ካላለፈ ሻጩ አልዘገየም።

«5 በመቶ የስረዛ ክፍያና 150 ሼቄል ማጓጓዣ»

የደብዳቤው ዋናው ቦታ ይህ ነው። 2,400 ሼቄል ላይ 5 በመቶ 120 ሼቄል ነው። 150 ሲጨመር 270 ሼቄል ይሆናል። በድምፅ ትንሽ ይመስላል፤ ለአንድ ጡረተኛ ግን የሳምንት አስቤዛ ነው።

በእስራኤል የሸማቾች ጥበቃ ሕግ፣ ማለትም በ1981 የወጣው «ሖክ ሀጋናት ሀጻርካን»፣ ሁለት ዓይነት ስረዛ አለ። ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል።

አንደኛው፣ ሻጩ ምንም ሳያጠፋ ገዢው ሐሳቡን ሲለውጥ ነው። በስልክ ወይም በኢንተርኔት የተገዛ ዕቃ፣ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ዕቃው ከደረሰ እስከ 14 ቀን ድረስ መሰረዝ ይቻላል። እዚህ ሻጩ የስረዛ ክፍያ መውሰድ ይችላል፤ ግን ከ5 በመቶና ከ100 ሼቄል አነስተኛውን ብቻ። በምሳሌያችን 5 በመቶ 120 ነው፤ 100 ደግሞ ከዚያ ያንሳል። ስለዚህ እኒህ እናት ያለ ምንም ምክንያት ቢሰርዙ እንኳ የስረዛ ክፍያው ከ100 ሼቄል መብለጥ አልነበረበትም።

ሁለተኛው፣ በሻጩ ጉድለት የሚደረግ ስረዛ ነው፤ ዕቃው ተበላሽቶ ሲመጣ፣ ከተነገረው የተለየ ሲሆን፣ ወይም በተቀጠረው ቀን ሳይደርስ ሲቀር። ያን ጊዜ የስረዛ ክፍያ ዜሮ ነው። ምንም ዓይነት ክፍያ አይቀነስም። ይህ የተጻፈው በዚያው ሕግ «ሰዒፍ 14 ሄይ» በሚባለው አንቀጽ ነው። ሻጩ «በደንባችን መሠረት» ቢልም የሱቅ ደንብ ከሕግ በላይ አይሆንም።

ታዲያ ደብዳቤው የሚያደርገው ምንድን ነው? የሁለተኛውን ዓይነት ስረዛ እንደ መጀመሪያው አድርጎ ያቀርባል። መዘግየቱን ከላይ አምኗል፤ ከታች ግን እኒህ እናት በራሳቸው ፍላጎት ሐሳባቸውን የለወጡ ያህል ያስከፍላል።

«ቀሪው ዚኩይ ሆኖ ይሰጥዎታል»

ዚኩይ በዚያው ሱቅ ብቻ የሚሠራ ወረቀት ነው። ሕጉ ገንዘቡ ይመለስ ነው የሚለው። በካርድ ከተከፈለ ሻጩ የካርዱን ክፍያ ይሰርዛል፤ የወጣውን ይመልሳል፤ ቀሪዎቹም ክፍያዎች እንዳይወጡ ያደርጋል። ክፍያው እንደተሰረዘ የሚያሳየውን ወረቀት ቅጂም ለእርስዎ መስጠት አለበት። ዚኩይ የሚቀበሉት ከወደዱ ብቻ ነው። አንዴ «እሺ» ካሉ በኋላ ግን መመለስ ይከብዳል። ስለዚህ «ይህን ተጭነው ያረጋግጡ» የሚል መልእክት በስልክዎ ቢመጣ፣ ምን እንደሚል ሰው ሳያነብልዎት አይጫኑ።

«በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት የተቻለንን እናደርጋለን»

ይህ አዲስ ቀጠሮ ይመስላል፤ ግን ቀን የለበትም። እዚህ ላይ ራስዎን አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ ማሽኑን ነው የምፈልገው ወይስ ገንዘቡን? ማሽኑን ከፈለጉ፣ ምናልባትም በጥሩ ዋጋ ስላገኙት፣ «እስከዚህ ቀን ድረስ አምጡ» ብለው ቀን ቆርጠው በጽሑፍ ይስጧቸው። ገንዘቡን ከፈለጉ ግን ማሽኑን መጠየቅ ያቁሙ።

የልጅ ልጁ መልእክት ድክመት እዚህ ላይ ነው። «ማሽኑ የት ደረሰ? ማምጣት ካልቻላችሁ ገንዘቡን መልሱ» የሚለው ቅሬታ ነው እንጂ ስረዛ አይደለም። ሻጩም እንደ ቅሬታ ቆጥሮ መለሰለት። ሕጉ ለሻጩ ገንዘቡን እንዲመልስ 14 ቀን ይሰጠዋል፤ የ14 ቀኑ ቆጠራ የሚጀምረው ግን ውሉ መሰረዙን የሚገልጽ ማስታወቂያ ከደረሰው ቀን ነው። አሥር ጊዜ ደውለው ቢቆጡም «ሰርዣለሁ» ካላሉ ቆጠራው አልተጀመረም። ብዙ ሰው ለወራት የሚጉላላው በዚህች ቃል ምክንያት ነው።

ሻጩ ትክክል የሚሆነው መቼ ነው?

ደብዳቤ ሁሉ ሐሰት አይደለም። መልስ ከመጻፋችን በፊት እነዚህን እናጣራለን።

ዕቃ አድራሹ፣ ሽሊሑ፣ ደውሎ መልስ አጥቶ እንደሆነስ? ብዙ እናቶችና አባቶች የማያውቁትን ቁጥር አያነሱም፤ ከአታላዮች ለመጠንቀቅ ጥሩ ልማድ ነው። ነገር ግን ሽሊሑ በቀጠሮው ቀን ደውሎ፣ ቤት መጥቶ፣ ሰው አጥቶ ከተመለሰ የዘገየው ሻጩ ነው ማለት ያስቸግራል። ስልክዎ ላይ ያመለጡ ጥሪዎችንና መልእክቶችን የቀጠሮው ቀን አካባቢ ሰው ይፈልግልዎት። ዕቃ እየጠበቁ ባሉበት ወቅት ደግሞ የልጅዎን ቁጥር ሁለተኛ ስልክ አድርገው ማስመዝገብ ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ዕቃው ዘግይቶም ቢሆን መጥቶ እየተጠቀሙበት ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። አንድ ወር ካጠቡበት በኋላ «ዘግይቶ ነበርና ውሰዱት» ማለት ከባድ ነው። መሰረዝ ከፈለጉ ከመጠቀምዎ በፊት ይሁን። ሰርዘው ከጨረሱ በኋላ ሽሊሑ ድንገት ዕቃውን ይዞ ቢመጣ፣ «ሰርዣለሁ» ብለው አለመቀበል ይችላሉ። ከሰረዙ በኋላ ዕቃው ቤት ገብቶ ከሆነ፣ ሳይከፍቱና ሶኬት ላይ ሳይሰኩ ያስቀምጡትና ለሻጩ ያሳውቁ። በሻጩ መዘግየት በተሰረዘ ግዢ፣ መጥቶ ከደጅዎ በራሱ ወጪ መውሰድ ያለበት ሻጩ ነው።

ሦስተኛ፣ ዕቃውን የገዙት ሱቅ ድረስ ሄደው ከሆነ፣ ለምሳሌ ሶፋ አይተው፣ ተቀምጠው ሞክረው ካዘዙ፣ እስካሁን ያልነው የስልክ ግዢ አንቀጽ በቀጥታ አይሠራም። ያን ጊዜ የምንሄደው በ1970 በወጣው የውል ሕግ ነው። መንገዱም አንድ እርምጃ ይጨምራል፦ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ በጽሑፍ ተመጣጣኝ ተጨማሪ ጊዜ ይሰጣሉ፤ ይህ በዕብራይስጥ «ኦርካ» ይባላል። ለምሳሌ «ሶፋው እስከ 10 ቀን ካልመጣ ውሉን እሰርዛለሁ» ይላሉ። ያ ቀን ካለፈ ውሉን ሰርዘው የከፈሉትን ይጠይቃሉ። በልክዎ ተሠርቶ የሚመጣ ዕቃም፣ እንደ መጋረጃና ቁም ሣጥን ያለው፣ ሐሳብ በመለወጥ ብቻ ስለማይሰረዝ፣ በዚሁ መንገድ ቢሄዱ ይሻላል።

መልሳችን

አሁን የእኒህን እናት መልስ እንጻፍ። እነሱ በትሕትና ጻፉ፤ እኛም በትሕትና እንጽፋለን። መቆጣት አያስፈልግም፤ የማጠቡን ድካም፣ የደወልንበትን ብዛት መዘርዘርም አያስፈልግም። ረጅም ደብዳቤ ሲሆን አንባቢው የሚመቸውን ዓረፍተ ነገር መርጦ ይመልሳል። አጭር ሲሆን ግን ማምለጫ የለውም። ሐሙስ በ13/2 የሚላከው ይህ ነው፦

«ክቡራን፣ በ12/2 ለላካችሁት መልስና ለይቅርታችሁ አመሰግናለሁ። በ5/1 በስልክ ያዘዝኩት የልብስ ማጠቢያ ማሽን በሃዝማናው እንደተጻፈው በ14 የሥራ ቀን ውስጥ፣ ማለትም እስከ 23/1 አልደረሰኝም። ስለዚህ ዕቃው በጊዜው ባለመድረሱ ምክንያት ግዢውን ሰርዣለሁ። በሸማቾች ጥበቃ ሕግ ሰዒፍ 14 ሄይ መሠረት፣ ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ በ14 ቀን ውስጥ የከፈልኩት ሁሉ ያለ ምንም ቅናሽ እንዲመለስ፣ ቀሪ ክፍያዎች እንዲሰረዙና የስረዛው ቅጂ እንዲላክልኝ እጠይቃለሁ። ዚኩይ አልቀበልም። ከአክብሮት ጋር፤ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የሃዝማና ቁጥር።»

ደብዳቤው በዕብራይስጥ ነው የሚላከው። በአማርኛ ያስቀመጥነው በስምዎ ምን እንደሚጻፍ እንዲያውቁ ነው። ልጅዎ ሲጽፍልዎት አንድ ነገር ብቻ ያሳስቡት፤ በርዕሱ ላይ «ቢቱል ኢስካ ኤኬቭ ኢ-አስፓካ ባሞዔድ» ብሎ ይጻፍ። ትርጉሙ «ዕቃው በጊዜው ባለመድረሱ የግዢ ስረዛ» ማለት ነው። በዚህ ርዕስ የመጣን ደብዳቤ ሻጩ እንደ ተራ ቅሬታ ሊቆጥረው አይችልም።

ስምና የመታወቂያ ቁጥር የግድ ነው። የካርድዎን ቁጥር ግን በደብዳቤው አይጻፉ፤ አያስፈልግም። ሕጉ ስረዛን በስልክም ይፈቅዳል፤ ነገር ግን በስልክ የተባለውን ማን ያስረዳል? በኢሜይል ወይም በአደራ ደብዳቤ፣ በዶአር ራሹም፣ ቢላክ ቀኑ ተመዝግቦ ይቀራል። በኢሜይል ከላኩ የተላከበትን ገጽ አሳትመው ያስቀምጡ።

14 ቀኑ ካለፈስ?

ደብዳቤው በኢሜይል በ13/2 ከደረሰ፣ ገንዘቡ እስከ ሐሙስ 27/2 መመለስ ነበረበት። ያን ቀን ምልክት አድርገው ይጠብቁ። በየቀኑ መደወል አያስፈልግም።

በዚህ መካከል ለክሬዲት ካርድ ድርጅቱ ደውለው፣ ዕቃው እንዳልደረሰና ግዢው እንደተሰረዘ ይንገሩ፤ የስረዛ ደብዳቤውን ቅጂ ይላኩላቸው፤ ቀሪዎቹን ክፍያዎች እንዲያቆሙ ይጠይቁ። እነሱ አጣርተው ይመልሳሉ። እዚህም ላይ ሳይዘገዩ መጠየቅ ነው። ሁሉም 6 ክፍያዎች ከወጡ በኋላ የሚቆም ክፍያ አይኖርም።

27/2 አልፎ ገንዘቡ ካልመጣ፣ የመጨረሻው ቦታ የትንንሽ ክሶች ፍርድ ቤት ነው፤ «ቤት ሚሽፓት ሊትቪዖት ክታኖት» ይባላል። ጠበቃ አያስፈልግም፤ በመደበኛው ጠበቃ ይዞ መቅረብም አይቻልም። የክስ መክፈቻው ከሚጠየቀው ገንዘብ 1 በመቶ ነው፤ ለትንሽ ገንዘብ 50 ሼቄል ገደማ ይሆናል። ሻጩ በሕጉ መሠረት ገንዘብ ሳይመልስ ከቀረ፣ ዳኛው ከዕቃው ዋጋ ሌላ፣ ጉዳት ማስረዳት ሳያስፈልግ እስከ 10,000 ሼቄል ካሣ ሊፈርድ ይችላል። ምን ያህል እንደሚፈርድ የሚወስነው ዳኛው ነው፤ ጭራሹን ላይፈርድም ይችላል። ግን ይህ ሥልጣን እንዳለ ሻጮችም ያውቃሉ። ለዚህ ነው አንቀጹ ተጠቅሶ የተጻፈ አጭር ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ጉዳዩን ፍርድ ቤት ሳይደርስ የሚጨርሰው።

ዕድሜዎ 65 ከሆነ

አንድ ተጨማሪ መብት አለ። ዕድሜው 65 የሞላው ሰው፣ የአካል ጉዳት ያለበት ሰው፣ እንዲሁም ከመጣ 5 ዓመት ያልሞላው አዲስ ዖሌ፣ ከሻጩ ጋር ተነጋግሮ በስልክ የገዛውን ዕቃ ለመሰረዝ 14 ቀን ብቻ ሳይሆን 4 ወር አለው። ዕቃው ዘግይቶ መጥቶ ተቀብለውት፣ 14 ቀኑ አልፎብኛል ብለው ተስፋ የቆረጡ ካሉ ይህን ያስታውሱ። እዚህ ግን ስረዛው በመዘግየት ምክንያት ካልሆነ፣ ያ ከ5 በመቶና ከ100 ሼቄል አነስተኛው ክፍያ ይቀነሳል።

ሲመጡ ይዘውት የሚመጡት

ደብዳቤውን ማንበብም ሆነ መልሱን በዕብራይስጥ መጻፍ ከከበደዎት፣ በማኅበራዊ አገልግሎት ሥር ያለው የዜጎች ምክር አገልግሎት «ሺል» ያለ ክፍያ ይረዳዎታል። በሰፈርዎ የት እንዳለና መቼ እንደሚከፈት 106 ደውለው ኢሪያውን ይጠይቁ፤ ወይም የሪቫሓ ሠራተኛዎን ያነጋግሩ።

ሲመጡ አራት ነገር ይያዙ፦ የሃዝማናውን ወረቀት ወይም በስልክ የመጣልዎትን መልእክት፣ የክሬዲት ካርዱን የወር ዝርዝር፣ ከሻጩ የመጣውን ደብዳቤ፣ እና የራስዎን ስልክ። ስልኩን የምንለው ጥሪዎቹና መልእክቶቹ ቀኑን ስለሚናገሩ ነው። ደብዳቤው «አይቻልም» የሚል ቢመስልዎትም ይዘውት ይምጡ። ልጅዎ ቤት ውስጥ ሲያነብልዎት ደግሞ «ምን አሉ?» ብለው አይጠይቁት። «አንድ በአንድ አንብብልኝ» ይበሉት።